ሙቅ ውሃው አሥራ ሁለት ቁጥር እስኪደርስ

የወንድሜ አርባ ከወጣ በሦስተኛው ቀን በእሱ ቦታ ተቀጠርኩ። በምን እንደምጀምር ብዙ አሰብኩ፤ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ቦታው ቦሌ ነው፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙ የማይርቅ፣ ከሀብታም የተወረሰ ቪላ። ከወዳጅ አገሮች የሚመጡ ባለሙያዎች የሚያርፉበት የእንግዳ ቤት ሆኗል። ወንድሜ የቤቱ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ከዚያ ዘመተ። ከዚያ ከሰሜን ወረቀት መጣ። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ማትሪክ አልሆነልኝም ነበር፤ ቧንቧ የማውቀውም ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬው ስሠራ ባየሁት ልክ ነው። የዘማች ቤተሰብ ይቀደም ተባለና የእሱን ቱታ ሰጡኝ። እጅጌው ረዘመብኝ። ሁለት ጊዜ አጠፍኩት።

የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ መቁጠር ነበር።

«አሥራ ሁለት ቁጥር ግባና የሙቁን ቧንቧ ክፈት» አለኝ ሥራ አስኪያጁ። «እስኪሞቅ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ጽፈህ አምጣ።»

ሥራ አስኪያጁ ከአብዮቱ በፊት የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። ሲያወራ አሁንም እጁ አየር ላይ ካርታ ያሳያል። ጓድ ሥራ አስኪያጅ ነው የምንለው።

አሥራ ሁለት ቁጥር የመጨረሻው ክፍል ነው። ቪላው ራሱ ስድስት ክፍል ብቻ ነበረው፤ መንግሥት ከወረሰው በኋላ በጓሮ በኩል፣ ወደ ዳገቱ፣ ሌላ ስድስት ክፍል ቀጠሉበት፤ እንደ ባቡር። ቦይለሩ ግን እዚያው በፊት በነበረበት ቀረ፣ ከወጥ ቤቱ ሥር ምድር ቤት ውስጥ። ቧንቧው ከቦይለሩ ይነሳና ወጥ ቤቱን አልፎ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ፣ በየክፍሉ መስኮት ሥር እየሄደ አሥራ ሁለት ቁጥር ያበቃል። በሜትር ለካሁት። አርባ ሜትር።

ከፈትኩ። እጄን ከውሃው ሥር አደረግሁ። ቀዝቃዛ ነው። ቆየሁ። አንድ አውሮፕላን ተነሳ፣ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ፣ ድምፁ ጠፋ። ውሃው ቀዝቃዛ ነው። በስተኋላዬ ሰው ሲተነፍስ ሰማሁና ዞርኩ። እንግዳው ነው፤ የዶሮ እርባታ ባለሙያ፣ ትልቅ ሰውዬ፣ በፎጣ የተጠቀለለ፣ ግማሽ ፊቱ የመላጫ አረፋ።

«ይመጣል አለ?» አለኝ።

አልገባኝም። በኋላ ነው የገባኝ። ሰባት ወር ሙሉ ሙቅ ውሃ በጠየቀ ቁጥር ሠራተኛው ሁሉ «ይመጣል» ሲለው፣ ሙቅ ውሃ በአማርኛ «ይመጣል» የሚባል መስሎታል።

እኔም ምን ልበለው? «ይመጣል» አልኩት።

ስምንት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ፈጀ። ወረቀቱ ላይ ጻፍኩ። ላስረክብ ስሄድ ነው በኮሪደሩ ያለፍኩት፤ የግድግዳ ጋዜጣውም ያለው እዚያ ነው።

የግድግዳ ጋዜጣ በየመሥሪያ ቤቱ ነበር። የእኛው ሰፊ ሰሌዳ ነው፤ ቀኝና ግራ አለው። በቀኝ በኩል በቀይ «የእናት አገርን ጥሪ የተቀበሉ ጀግኖቻችን» ይላል፤ ከሥሩ የወንድሜ ስምና ጉርድ ፎቶው አለ። ለመታወቂያ የተነሳው ነው። በግራ በኩል በጥቁር «አሻጥረኞችን እናጋልጥ» ይላል፤ ከሥሩ የወንድሜ ስም አለ።

ሌላ ሰው ነው ብዬ የአባቱን ስም አየሁ። የአባቱ ስም የአባቴ ስም ነው።

ክሱ ሦስት ነጥብ ነበረው። አንደኛ፣ የሙቅ ውሃ መስመሩን ሆን ብሎ አዘግይቷል። ሁለተኛ፣ በአሥራ ሁለት ቁጥር ሥር ወደ የትም የማይሄድ የቧንቧ አፍ በመሥራት የሕዝብ ብረት አባክኗል። ሦስተኛ፣ ከመስመሩ የወጣውን አሮጌ ቧንቧ ሰውሯል። ማኅተም አለው።

«ጓድ» አልኩት ሥራ አስኪያጁን ቢሮው ገብቼ፤ «ያ በግራ ያለው...»

«እ፣ ግራው የቁጥጥር ኮሚቴው ነው። ቀኙ የማኅበሩ ኮሚቴ ነው። አንዱ በሌላው ሥራ ጣልቃ አይገባም።»

«የሁለቱም ሊቀ መንበር እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ነኝ። ግን በተለያየ ቀን ነው የምንሰበሰበው።»

ወረቀቴን አየ። ስምንት ከአርባ የሚለውን በእስክርቢቶው ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ከዚያ በጣም በደግነት፣ አሁንም በደግነት ነው የምለው፣ እናቴ በመጪው ቅዳሜ ተጠርታ የዘማች ቤተሰብ የምስክር ወረቀት እንደምትቀበል ነገረኝ። እዚሁ ኮሪደር፣ ሰሌዳው ፊት።

እናቴ ማንበብ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ በፊት ፊደል አትለይም ነበር። አስተማሪዋ የምታውቁትን ስም ጻፉ ሲል የጻፈችው የወንድሜን ነው። ከዚያ በኋላ በመንገድም በሱቅም የተጻፈ ነገር ካየች ቆማ በጣቷ እየተከተለች ጮክ ብላ ታነባለች። «ለ...ላ...ም፣ ላም...በ...ረት» እያለች አውቶቡስ አስመልጣናለች። ሰሌዳውን ሳታነብ እንደማታልፍ አውቅ ነበር። ወረቀቱ ከሰሜን ከመጣ በኋላ ደግሞ የምታነበው ያንኑ ስም ነበር፤ ደብተሩ ላይ፣ የትምህርት ቤት ካርዱ ላይ። እንባ የላትም ነበር። ማንበብ ብቻ።

«ጓድ፣ ግራውን ከቅዳሜ በፊት ያንሱልኝ» አልኩት።

«ውሃው ይዘገያል ወይስ አይዘገይም?»

«ይዘገያል።»

«እንግዲያው ክሱ እውነት ነው። ውሃው ካልዘገየ ግን ክስ የለም። ቀላል ነው። ከቅዳሜ በፊት በአንድ ደቂቃ ውስጥ አድርሰውና እንነጋገራለን።»

ሰኞ ነበር።

የሆነውን የነገሩኝ እትዬ ናቸው፤ የክፍሎቹና የልብስ አጠባው ኃላፊ። በዕድሜ እናቴን ያህላሉ። በፊት የነበረው ቧንቧ ቀጭን ነበር፤ ባለ ሦስት ሩብ ኢንች። ያኔም ውሃው አሥራ ሁለት ቁጥር እስኪደርስ አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጅ ነበር። እንግዶች አማረሩ። ስብሰባ ተጠራ። ጓድ ሥራ አስኪያጅ እጁን ዘርግቶ፣ ሰፊ መንገድ ብዙ ሕዝብ ቶሎ ያሳልፋል፤ ጠባብ መንገድ ያጨናንቃል፤ ስለዚህ ቧንቧው ይስፋ አለ።

«ሁላችንም እጃችንን አወጣን» አሉ እትዬ። «እኔም አወጣሁ። መንገድ ነው ሲል እውነት መሰለኝ። ወንድምህ ብቻ ‹ኧረ ይብሳል› አለ። ‹ለምን ይብሳል?› ሲሉት ‹ውስጡ ያደረው ብርድ ሁሉ መጀመሪያ መውጣት አለበት፤ ሲሰፋ ብርዱ ይበዛል› አላቸው። ሳቁበት። ብርድ በሊትር ይለካል ወይ ብለው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጸደቀ። ባለ አንድ ኢንች ዘረጋ። ሲጨርስ ባሰ፤ በወሩ ዘመተ። የሌለ ሰው መልስ አይሰጥም፤ እሱ ላይ ለጠፉት።»

ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነገር አለ፤ ባልናገረው ይሻላል፣ ግን እናገራለሁ። ውሃ ጠሪ ሾሙ። ዘበኛው በየጠዋቱ አሥራ አንድ ሰዓት አሥራ ሁለት ቁጥር ገብቶ፣ ባለሙያው እያንኮራፋ፣ ቧንቧውን ከፍቶ እስኪሞቅ ይጠብቃል። ሲሞቅ ይዘጋና ባለሙያውን ይቀሰቅሳል። ባለሙያው ተነስቶ መነጽሩን ፈልጎ እስኪያገኝ ደግሞ መስመሩ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ሁለተኛ ውሃ ጠሪ ጨመሩ። የመንግሥት ውሃ አንድ ቀን መጥቶ አንድ ቀን በሚጠፋበት ጊዜ፣ ጣሪያው ላይ ያለው ታንከር ውሃ በመጥራት አለቀ። ሙቁ ሲደርስ ውሃ የለም። የውሃ ጠሪዎቹ የተራ ዝርዝርም ሰሌዳው ላይ፣ መሐል ላይ፣ ተለጠፈ።

ማክሰኞ ጠዋት የእትዬን ባለ አሥር ሊትር ባልዲ ተውሼ ደገምኩት፤ አሁን በሰዓት ሳይሆን በባልዲ። ሦስት ባልዲ ሞላና አራተኛውን ጀመርኩ። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ደብተሬ ላይ ሠራሁት፤ የቧንቧው የውስጥ ስፋት፣ አርባ ሜትር፣ ፓይ። ሃያ ሁለት ሊትር ገደማ ነው የሚይዘው። ሦስት ጊዜ ሠራሁት። ሦስቴም አንድ ባልዲ ጎደለ። እኔ ማትሪክ የወደቅሁት በሒሳብ ነውና ስህተቱ የኔ ነው ብዬ አመንኩ።

ከሰዓት በኋላ በሜዳው አቋርጬ ቦሌ ሚካኤል ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ወንድሜን ሥራ ያስተማሩ ሽማግሌ አሉ፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ለቧንቧ መግጠሚያ ጥርስ ያወጣሉ፣ ከሰል ምድጃ ይበይዳሉ። ሲያዩኝ ቱታውን አዩት። ለረጅም ጊዜ እጅጌውን አዩ። ከዚያ በርጩማ ገፋ አደረጉልኝ።

ሒሳቡን አሳየኋቸው።

«ልክ ነህ» አሉ። «የጠፋችው ባልዲ ብረቱ ነው የጠጣት።»

«ብረት ውሃ ይጠጣል?»

«ሙቀት ይጠጣል እንጂ። ውሃው ሲያልፍ መጀመሪያ ቧንቧውን ነው የሚያሞቀው። አርባ ሜትር ብረት ቀላል ነው? አስበው፤ እጅህ የሚያገኘው ሙቀት ብረቱ ጠግቦ የተረፈው ነው። ቧንቧ ባሰፋህ ቁጥር ውሃውም ብረቱም ይጨምራል። የሚወጣበት አፍ ግን ያው ነው፤ ታንከሩም ያው ነው።»

ምን እንደሚሻል ጠየቅኳቸው። ወደ ቀጭኑ መመለስ አንድ መላ ነው፤ ግን ያኔም አምስት ደቂቃ ነበር፣ አምስትም ከአንድ ይበልጣል። አሥራ ሁለት ቁጥር ውስጥ ለብቻው ትንሽ ቦይለር መትከል ሌላ ነው፤ ከየት ይመጣል? ወደ ሦስተኛው አለፉ።

«ሦስተኛው መላ ውሃው እንዳይቆም ማድረግ ነው። የቆመ ውሃ ነው የሚቀዘቅዘው። ከመጨረሻው ክፍል ሌላ ቧንቧ አውጥተህ መልሰህ ቦይለሩ ሥር ትገባለህ። ሄዶ ይመለሳል፣ ሄዶ ይመለሳል። ሙቁ ሁልጊዜ በራፍ ላይ ነው።»

«የሚገፋውስ? ፓምፕ የለንም።»

«ቦይለራችሁ የት ነው?»

«ምድር ቤት።»

«አሥራ ሁለት ቁጥርስ?»

«ዳገቱ ላይ።»

«እንግዲህ!» አሉ፤ መዶሻቸውን አስቀመጡ። «ሙቅ ይወጣል፣ ቀዝቃዛ ይወርዳል። ቀስ ይላል እንጂ ራሱ ይሄዳል። ቦይለሩ ከላይ ቢሆን ኖሮ እምቢ ይልህ ነበር።»

ከዚያ ስለ ሁለተኛው ክስ ነገርኳቸው፤ ወደ የትም ስለማይሄደው አፍ። ጋሼ ሳቁ። ሳቃቸው ቶሎ አልቆመም፤ መጨረሻ ላይ ሳቅ አይመስልም ነበር። ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠረጉ።

«የመመለሻው መጀመሪያ ነዋ! ሥራውን ጀምሮልህ ነው የሄደው። አንድ አፍ ካለ ጓደኛ አለው። ሂድና ቦይለሩ ሥር፣ ቀዝቃዛው በሚገባበት በኩል ፈልግ።»

የእጅ ባትሪ ይዤ ምድር ቤቱ ገባሁ። ነበረ። በቡሽ ተደፍኖ፣ ጥርሱ ላይ ቃጫ ተጠምጥሞ፣ ቀለም ተቀብቶ፤ ቀለሙ ላይ የአውራ ጣቱ ምልክት ነበረ። የእሱ መሆኑን አላውቅም፤ የማንም ጣት ሊሆን ይችላል። ለካሁት። የኔ ጣት አልገጠመበትም።

ቧንቧ ከየት ይምጣ? አሮጌው ጠፍቷል ይላል ክሱ። ይህንን ለእትዬ ስነግራቸው የልብስ ማጠቢያውን በር ከፈቱና ወደ ጓሮ አሳዩኝ። ሰባት ረጃጅም ቧንቧ፣ በሽቦ ታስሮ፣ ልብስ ማስጫ ሆኗል። ወንድሜ ነው ያሰረላቸው። «ሲፈለግ እወስደዋለሁ፤ እስከዚያ ልብስ ያስጡበት» ብሏቸው ነበር። የባለሙያዎቹ የውስጥ ሱሪ ተሰጥቶበታል። የጓድ ሥራ አስኪያጅ ካኪ ሸሚዝም ተሰጥቶበታል፤ የጠፋውን ቧንቧ ያጣራው ኮሚቴ ሸሚዙን ከዚያ ላይ እያወረደ ነበር የሚሰበሰበው።

«ለምን አልነገሯቸውም?»

«ማንም አልጠየቀኝማ! ቧንቧ ጠፋ አሉ። እኔ ያለኝ ማስጫ ነው።»

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ዘረጋሁ። ቧንቧዎቹን በግድግዳው እግር ሥር፣ ከአሥራ ሁለት ቁጥር ጀምሮ ወደ ቦይለሩ በትንሽ በትንሹ እያዘቀዘቅሁ። መሐል ላይ ካበጠ አየር ይይዛል፣ አየር ከያዘ ዝውውሩ ይቆማል፤ ይህን ወንድሜ ቅዳሜ ቅዳሜ ይለኝ ነበር፤ ያን ጊዜ አልሰማሁትም መስሎኝ ነበር። እትዬ ያረጁ ብርድ ልብሶች ቀደው ሰጡኝ፤ የሚሄደውንም የሚመለሰውንም ጠቀለልኩበት። ካልተጠቀለለ ቦይለሩ ቀንና ሌሊት ግድግዳ ሲያሞቅ ይኖራል። ብርድ ልብሶቹ ላይ የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ስለነበረ መስመሩ ሁሉ የታሸገ መሰለ።

ማምሻውን ከፈትኩት። አንድ ሰዓት ጠበቅሁ። አሥራ ሁለት ቁጥር ገብቼ ቧንቧውን ነካሁ፤ ሞቋል! ሳይከፈት፣ ማንም ሳይጠራው። ባለሙያውን ጠራሁ። ፎጣውን ለብሶ መጣ። ቧንቧውን ከፈትኩ። ሙቅ። «ይመጣል!» አለ፤ ጭንቅላቱን ከሥሩ ሰደደ። ከዚያ ጮኸ። ለብ አለ፣ ከዚያ ሊቀዘቅዝ ደረሰ።

ሐሙስ ጠዋት ስነግራቸው ጋሼ አልገረማቸውም።

«ስትከፍት ውሃው በሁለት በኩል ይመጣል፤ በመሄጃውም፣ በመመለሻውም። በመመለሻው የሚመጣው ከቦይለሩ ሥር ነው፤ እዚያ ያለው ቀዝቃዛው ነው። ምላስ ያለው መዝጊያ ያስፈልግሃል፤ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚከፈት። ግን ምላሱ ቀላል ይሁን። ስፕሪንግ ያለው አይሆንም፤ ይህ ውሃ ጉልበት የለውም፣ ስፕሪንግ አይከፍትም።»

በሱቅ አልነበረም። በመንግሥት መደብርም አልነበረም። ተስፋ ቆርጬ ግቢው ውስጥ ስቀመጥ የተቀመጥኩት ፏፏቴው ጠርዝ ላይ ነበር። የድሮው ባለቤት ያሠሩት ፏፏቴ፤ ከአብዮቱ ወዲህ ውሃ አይቶ አያውቅም። ወደ ውስጥ አየሁ። ከሥሩ ከጠፋው ፓምፕ የተረፈ የነሐስ መዝጊያ አለ፤ ምላስ ያለው።

ለመንቀል ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፏፏቴው በንብረት መዝገብ ላይ አለ። ጓድ ሥራ አስኪያጅ አሰበ።

«ፏፏቴው የማን ነበር?»

«የድሮው ባለቤት።»

«ለምን ይጠቅም ነበር?»

«ለምንም።»

«አሁንስ?»

«አሥራ ሁለት ቁጥርን ያሞቃል።»

«ስለዚህ የፊውዳል ጌጥ ወደ ምርት ተሸጋገረ።» ይህንን ወዲያው ጻፈው። መዝጊያውን ነቀልኩ፤ ጋሼ ምላሱን በሞረድ አሳሱልኝ፤ በአፋቸው እፍ ብለው ሲከፈት አዩና ሰጡኝ። ክፍያ አልተቀበሉም። «ቱታውን አስጠብበው፣ ይጠልፍሃል» ብቻ አሉኝ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው አሥራ ሁለት ቁጥር መታጠቢያ ቤት ተሰበሰበ። አምስት ሰው፤ አንዱ የገንዳው ጠርዝ ላይ፣ አንዱ ክዳኑን ዘግቶ መጸዳጃው ላይ፣ ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን በልብስ ቅርጫቱ ላይ ዘርግቶ። እትዬም የኮሚቴ አባል ነበሩ፤ በሩ ላይ ቆሙ። ባለሙያው ቦታ ስላጣ ኮሪደር ላይ ቀረ።

ከፈትኩ። ጓድ ሥራ አስኪያጅ ሰዓቱን ይዟል። አውሮፕላን እየመጣ ነበር፤ ድምፁ ሳያልፍ ውሃው ጨሰ።

«ስምንት ሰከንድ» አለ። ሰዓቱን አራገፈው። «ይዘጋ፤ ይደገም።» ተደገመ። ሰባት። አምስት ደቂቃ እንዲፈስ ተደረገ፤ አልቀዘቀዘም።

አሁን ስሙ ይወርዳል ብዬ ጠበቅሁ።

«አንድ ችግር አለ» አለ ጓድ ሥራ አስኪያጅ። «ክሱ በጉባኤ የጸደቀ ነው። ጉባኤ ያጸደቀውን ወረቀት መቅደድ አይቻልም። እሱን ለመሻር ጉባኤው ተሳስቷል ማለት አለብን። ጉባኤው ደግሞ አልተሳሳተም።»

«ታዲያ ነገ እናቴ...» አልኩ።

ከዚያ እትዬ ከበሩ ላይ፣ «ጉባኤው ምን ነበር ያለው? ቧንቧው ይስፋ፣ ውሃው ቶሎ ይምጣ። ሰፋ፣ መጣ። ታዲያ ማነው የተሳሳተው?» አሉ።

ጓድ ሥራ አስኪያጅ ፊቱ በራ። እጁ አየር ላይ ካርታ ሣለ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ውሳኔው ተጻፈ። ሰፊው ቧንቧ በጉባኤው አርቆ አስተዋይነት የተዘረጋ መሆኑ፤ ጓዱም፣ ወንድሜ ማለት ነው፣ ይህንኑ ውሳኔ በታማኝነት ሥራ ላይ ያዋለ መሆኑ፤ ውጤቱም ዛሬ በሰባት ሰከንድ መታየቱ። ስለ መመለሻው ቧንቧ አንድም ቃል የለም። ስለ ምላሱ የለም። ይብሳል ብሎ ስለተናገረው የለም።

«የሚደግፍ እጁን ያውጣ።»

አምስቱም አወጡ። ጓድ ሥራ አስኪያጅ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ድምፅ የለህም፤ ግን እንደ ቤተሰብ ብታወጣ ደስ ይለናል።»

ወንድሜ በዚያ ስብሰባ ብቻውን እጁን አላወጣም። እኔ አወጣሁ። እጅጌው እስከ ክርኔ ወረደ። ይህንን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ነው ወረቀቱ የተለጠፈው፤ ጽሕፈት መኪናው ዓርብ ማታ ሪባን ስላለቀበት። መቅደድ ስለማይቻል አዲሱ ከርእሱ ጀምሮ በአሮጌው ላይ ተለጠፈ። እትዬ ሙጫውን ከዱቄት በጠበጡ፤ የሚፈላ ውሃ ሳይጠብቁ፣ ከአሥራ ሁለት ቁጥር ቀድተው። ሙጫው ቀጠነ። ወረቀቱ ስስ ስለነበረ እርጥበቱ አሳላፊ አደረገው፤ ከሥር ጥቁሩ ጽሑፍ ታየ። በፎጣ ተጫንኩት። ባሰ። እፍ አልኩበት። ያኔ እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ በኮሪደሩ ጫፍ መጣች።

የምስክር ወረቀቱን ተቀበለች። ጓድ ሥራ አስኪያጅ ንግግር አደረገ። ሰማች። ከዚያ፣ እንደፈራሁት፣ ወደ ሰሌዳው ሄደች። ከቀኝ ጀመረች። ስሙን አነበበች፣ ጣቷን በፎቶው ላይ አላደረገችም፣ በስሙ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ግራ ዞረች።

«ይኼስ ምንድነው? ስሙ እዚህም አለ።»

«እ... ምስጋና ነው፣ እማዬ።»

«እስቲ።» ጠጋ አለች። ከላይ ያለው በጽሕፈት መኪና የተጻፈ ነው፣ ፊደሉ ደቃቅ። ከሥር ያለው በእጅ የተጻፈ፣ ትልቅ፣ ለእሷ ዓይን የሚቀል። ጣቷ ወደ ትልቁ ሄደ። «አ...» አለች። «አ... ሻ...»

ጓድ ሥራ አስኪያጅ ጣሪያውን አየ። እትዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ይመጣል!»

ባለሙያው ነው። ንጹሕ ሆኖ፣ ተላጭቶ፣ ጸጉሩ ረጥቦ፣ ከአሥራ ሁለት ቁጥር በሩጫ መጣ ማለት ይቻላል። ይህች የማን እናት እንደሆነች አንድ ሰው ነግሮታል። ሁለት እጁን ዘርግቶ የእናቴን እጅ ያዘና «ይመጣል! ይመጣል አለ! ነይ!» እያለ ጎተታት። እናቴ ደንግጣ አየችኝ።

«ማነው የሚመጣው?» አለች።

ቤታችን ውስጥ ይህንን ቃል ለአንድ ዓመት ሙሉ ስንለው ኖረናል፤ በየቀኑ፣ ስለ አንድ ሰው።

«ውሃው ነው፣ እማዬ» አልኳት። «ሙቅ ውሃው ነው። ነይ ላሳይሽ።»

ኮሪደሩን አለፍን፤ ስድስቱንም አዲስ ክፍል፤ በብርድ ልብስ በተጠቀለለው ቧንቧ ጎን ጎን። ረጅም ነው። መታጠቢያ ቤቱ ስንደርስ ባለሙያው ቧንቧውን ለራሷ ተወላት። ከፈተች። ወዲያው እጇን ሳበች።

«ቃጠሎ ነው እኮ! እሳቱ የት ነው ያለው?»

«ወጥ ቤቱ ሥር፤ ስትገቢ ያየሽው ጋ።»

ወደ መጣንበት አየች፣ ርቀቱን በዓይኗ ለካች። «እዚህ ድረስ? አንተ ነህ የሠራኸው?»

ከመታጠቢያው ሥር ጎንበስ ብዬ አሳየኋት፤ የመመለሻውን መጀመሪያ። «ይቺን አፍ እሱ ነው የተዋት። እኔ ቀጠልኩ እንጂ።»

ከወለሉ ላይ ቁጢጥ አለች። ቧንቧውን ነካች፤ እጇን አላነሳችም፤ እንደ ልጅ ግንባር ይዛው ቆየች። ባለሙያው ወጣ። አለቀሰች። ወረቀቱ ከሰሜን ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ውሃው እየፈሰሰ፣ እኔም አልዘጋሁትም፤ ታንከሩ ይለቅ ብዬ ነው። ከዚያ ራሷ ዘጋችው። በዚያው ውሃ ፊቷን ታጠበች፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«እጅጌህን አሳጥረው» አለችኝ።

ወደ ኮሪደሩ ስንመለስ ወረቀቱ ደርቆ ነበር፤ ከሥሩ ያለው ጥቁር ጽሑፍ አይታይም።